ፖፖ የሌለበት ፖስተር

በቀላሉ የምጸየፍ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን በጤና ኮሌጅ የአካባቢ ጤና ሳስተምር የኖርኩ ነኝ፤ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ወስፋትና ስለ ዝንብ ምሳ እየበላሁ ማውራት እችላለሁ። ተማሪዎቼ አፍንጫ የላትም እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። አንድ ሰሞን ግን ተጸየፍኩ፤ ያስጸየፈኝ ደግሞ ሽንት ቤት ሳይሆን በሽቶ የታጠበ፣ ከረባት ያሰረ ስብሰባ ነበር።

ከግቢያችን ልጀምር። ታቦር በሚባለው ሰፈር፣ አቀበቱን ከወጡ በኋላ ባጃጅ ከሚቆምበት ከፍ ብሎ፣ አራት ቤት ተከራይ በአንድ ግቢ እንኖራለን። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ ጎርፍ የሚወርድበት ቦይ አለን። ክረምት ሲሆን ቦዩ ሁሉን ጠርጎ ወደ ታች ሰፈር ይወስደዋል፤ በጋ ግን የተጣለበት ሁሉ እዚያው ተጋድሞ ይሸታል። ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ክፍል የተከራየችው አንዲት ወጣት እናት ናት። ባሏ ባጃጅ ይነዳል፤ እሷ በር ላይ አቮካዶና ሙዝ ትሸጣለች። ከገጠር ሲዳማ የመጣች ናት፤ አማርኛዋን የተማረችው ገበያ ላይ ነው፣ ከእኔም ይልቅ ዋጋ መከራከር የምታውቅበት እሷ ናት። ያን ጊዜ ገና መዳህ የጀመረ ወንድ ልጅና አፏን በቅጡ የፈታች ታላቅ ሴት ልጅ ነበሯት።

ያቺ ሴት ልጅ ነበረች የምታሳስበኝ። ተቅማጥ ይይዛታል፣ ይለቃታል፣ መልሶ ይይዛታል። አንገቷ ቀጭን፣ ሆዷ ትልቅ፣ ዓይኗ ግን የግቢውን ሁሉ ሥራ የሚቆጣጠር። ቀኑን ሙሉ የምትጫወተው ቦዩ ዳር ነው፤ ጭቃ ታቦካለች፣ ጠርሙስ ክዳን ትለቅማለች፣ በዚያው እጇ እናቷ የሰጠቻትን ዳቦ ትገምጣለች። እናቷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የሕፃኑን ፖፖ ይዛ ትወጣና ቦዩ ውስጥ ደፍታ፣ ቧንቧው ሥር አለቅልቃ ትገባለች። ይህን በየቀኑ በመስኮቴ አያለሁ። ባለጌ ወይም ቆሻሻ ሴት ሆና አልነበረም፤ ደጇን እንደ እሷ የሚጠርግ በግቢው አልነበረም። የሕፃን ዓይነ ምድር ምንም አያደርግም ብላ ከእናቷ ስለተማረች ነው። እናቷም ከእናቷ።

አንድ ሁለቴ ነግሬያታለሁ። «እሺ መምህር፣ ገብቶኛል፣ ተባረኩ» ትለኛለች። በማግስቱ ፖፖው ወደ ቦዩ። እዚህ አገር ሰው ተገሥጾ አልገባኝም አይልም፤ ነውር ነው። ገብቶኛል ማለት አክብሬሻለሁ፣ አሁን ልቀቂኝ ማለት ነው።

እንግዲህ በዚህ መሐል ኮሌጁ አንድ ሥራ ሰጠኝ። ከምናስተምረው ሞጁል ውስጥ በንጽሕና ጉድለት ስለሚመጡ በሽታዎች የሚያወራው ምዕራፍ ለኅብረተሰቡ በሚሆን መልኩ በአንድ ገጽ ኢንፎግራፊክ፣ ማለትም በሥዕል የሚያስረዳ ፖስተር፣ ሆኖ ይሠራ ተባለ፤ ታትሞ እኛ ሰፈር አካባቢ ይለጠፋል። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ያ ምዕራፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ተማሪ ለፈተና አመንዥኮ ከፈተና ማግስት የሚተፋው ነው። መሐሉ ላይ አንድ ሥዕል አለ፤ ከዓይነ ምድር እስከ አዲስ ሰው አፍ ድረስ ያለውን መንገድ የሚያሳይ። በጣት፣ በዝንብ፣ በውሃ፣ በአፈር፣ በምግብ በኩል ቀስቶቹ ይሄዳሉ፤ ቀስቶቹን የሚቆርጡ ግድግዳዎች ደግሞ አሉ፤ ሽንት ቤት፣ እጅ መታጠብ፣ ውሃ ማከም፣ ምግብ መክደን። ትክክል ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ለተማሪ ነው። ለጎረቤቴ ግን የሸረሪት ድር ነው።

ሞጁሉን ወደ አንድ ገጽ ማውረድ ማለት ፊደሉን ማሳነስ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሥራው ግን መጣል ነው። አንባቢው ከዚያ ገጽ ፊት ተነሥቶ ሲሄድ የሚያደርገው አንድ ነገር ምንድን ነው? እሱን ትመርጫለሽ፣ የቀረውን እየሳሳሽለትም ቢሆን ትጥያለሽ። የሰፈራችን ሰው ዝንብ ቆሻሻ እንደሆነ ያውቃል፤ ሽንት ቤትም አለው። የማያምነው አንድ ነገር ቢኖር የሕፃን ዓይነ ምድር እንደ አዋቂው በሽታ ተሸካሚ መሆኑን ነው። ሞጁሉ ይህን በአንዲት አንቀጽ ጠቅሶ አልፎታል። እኔ ያቺን አንቀጽ ይዤ ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳለ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድኩ።

የማተሚያ ቤቱ ሠዓሊ ጎልማሳ ሰው ነው፤ የሠርግ ጥሪና የልደት ካርድ ሲሠራ የኖረ። የመጀመሪያ ሥዕሉን ሲያሳየኝ ነጭ የሴራሚክ መቀመጫ፣ የሚያብረቀርቅ የእጅ መታጠቢያ፣ በአየር ላይ የተንሳፈፈ አንድ እጅ አየሁ።

«ይኼ እጅ የማን ነው?» አልኩት።

«የማንም ነው፤ ከኢንተርኔት ነው» አለኝ።

«ባለቤት የሌለው እጅ ለቀብር እንጂ ለትምህርት አይሆንም።»

ሳቀ፤ ተግባባን። ሴራሚኩን አውጥቶ በሩ ቆርቆሮ የሆነ ሽንት ቤት ሠራ። መታጠቢያውን አውጥቶ በቢጫ ጀሪካን፣ በጆግና በሳሙና ተካው። እጁንም ለባለቤቱ መለሰለት። ቀስቶቹን ሁሉ አጠፋንና ነገሩን በአራት ሥዕል ተረትነው፤ እናት ፖፖውን ቦይ ውስጥ ስትደፋ፤ ታላቂቱ ልጅ ቦዩ ዳር ስትጫወት፤ በዚያው እጇ ዳቦ ስትበላ፤ ሆዷን ይዛ ስታለቅስ። ከሥር ደግሞ ትክክለኛው፤ ፖፖው ወደ ሽንት ቤት፣ ያለቀለቁበት ውሃም እዚያው፣ ከዚያ እጅ በሳሙና። ፖፖው ውስጥ ያለውን ነገር ቀለሙንም ቅርጹንም ሳይደብቅ ሣለው። «ሙያዬን ጨርሼ እዚህ ደረስኩ» እያለ፣ ግን ጥሩ አድርጎ ሣለው።

ማንኛውም እንዲህ ያለ ሥራ ከመታተሙ በፊት ለሚያዩት ሰዎች መቅረብና መፈተን አለበት። ረቂቁን በተራ ወረቀት አሳትሜ ወደ ግቢያችን ይዤ ገባሁ፤ ቧንቧው ሥር ለነበሩት ሴቶች ሰጠኋቸው። ገባችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው፤ መልሱ ይታወቃላ። ምን ይታያችኋል፣ ምን አድርጉ ይላችኋል ነው የሚባለው። ጎረቤቴ ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ ወደ ታች አየችው። መጀመሪያ በፖፖው ሳቀች፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና። ከዚያ ሁለተኛው ሥዕል ላይ ስትደርስ ሳቋ ቆመ።

«ይቺ የኔ ልጅ ናት» አለች።

«አይደለችም፤ ሥዕል ናት።»

«ናት እንጂ። ይኼም ቦያችን ነው።» ቀና ብላ ወደ አጥሩ አየች። ልጅቷ እንደ ልማዷ እዚያው ቁጢጥ ብላለች። «ታዲያ የሕፃን እኮ ነው መምህር፣ ወተት ነው።»

«ወተት ብቻ ነው የሚበላው?»

ገንፎ ማብላት ከጀመረች ቆይታለች። ደግሞም ወተት ብቻ ቢጠባም ኖሮ ያው ነው። ፊቷ ተኮማተረ፤ ያ የመጸየፍ ፊት ነው፣ ሰው በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ቋንቋ የሚያሳየው። ስፈልገው የነበረው ያን ፊት ነበር። ተነሥታ ልጅቷን ክንዷን ይዛ ወደ ቧንቧው አመጣችና እጇን በሳሙና አሸችላት፤ ልጅቷ ምን አደረግሁ እያለች ጮኸች።

በማግስቱ ጠዋት በመስኮቴ አየሁ፤ ፖፖው ወደ ሽንት ቤት ሄደ። በተከታዩም ቀን። ያን ሰሞን በደስታ እንዴት እንደ ሰነበትኩ! ስንት ዓመት በጠመኔ ያላደረግሁትን አራት ሥዕል አደረገው።

ከዚያ ኮሚቴው ተሰበሰበ። የኮሌጁ ዲን፣ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊውና ለኅትመቱ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት ወኪል። ሻይና ኬክ ቀርቧል። ረቂቁ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ሲበራ ፖፖው የሰው ቁመት አከለ። ዲኑ ወደ አፋቸው ያስጠጉትን ኬክ መልሰው አስቀመጡ።

«መምህርት፣ ይኼ ነገር ያስጸይፋል» አሉ።

«እንዲያስጸይፍ ነው የተሠራው።»

«በፖስተሩ ምረቃ ዕለት የክብር እንግዶች አሉ። እዚህ ሥዕል ፊት ሪባን ሊቆርጡ ነው?»

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ኅብረተሰብ ያስረዳኝ ጀመር። ኅብረተሰባችን ጨዋ ነው፤ ሕፃን መልአክ ነው፤ እናትን ከቆሻሻ ጋር ማሳየት ማዋረድ ነው አለኝ። ለቀባሪ አረዱት። ይህ ሰው አዲስ ከተማ ሰፈር ባለው፣ ሰድር በለበሰ ቤቱ ውስጥ የቤት ሠራተኛዋ የልጆቹን ዳይፐር የት እንደምትጥል አያውቅም፤ አልጠየቀም፤ የቤቱ ቆሻሻ ዓይኑ ሥር እስካልሆነ ድረስ ለእሱ ቆሻሻ የለም። ወኪሏ ደግሞ ፖስተሩ ላይ የድርጅቶች አርማ ቦታ አነስ ያለ መሆኑን በትሕትና ጠቆመች።

ረቂቁን ሴቶች አይተውት እንደ ነበር፣ እንደ ገባቸውም ተናገርኩ። አንዲት እናት ከዚያ ቀን ጀምሮ ፖፖዋን ወደ ሽንት ቤት እንደምትወስድ ተናገርኩ። ዲኑ በጣም ደስ የሚል ነው አሉ፤ ጻፉትም። ከዚያ ሥዕሎቹ እንዲወጡ ወሰኑ። በቦታቸው የሚስቅ ሕፃን ይግባ፣ ከሥሩ «ንጽሕና ለጤናማ ትውልድ» ይባል፣ ከላይ አርማዎቹ ይደርደሩ ተባለ። ድምፅ ሲሰጥ የእኔ እጅ ብቻዋን ቀረች። ዲኑ ያስቀመጡትን ኬክ አንሥተው በሉት። እኔን፣ አፍንጫ የላትም የሚሏትን ሴት፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ግማቱ አላስተነፍስ አለኝ።

ሠዓሊው ሕፃኑን ከልደት ካርዶቹ ውስጥ አወጣው። ጉንጩ እንደ ዳቦ የተነፋ፣ ነጭ ፎጣ ላይ የተቀመጠ። ፖስተሩ በወፍራም በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታተመ። ተመረቀ፣ ተጨበጨበ፣ የሐይቅ ዓሣ ተበላ። ጎረቤቴም ከተጋበዙት የሰፈር እናቶች አንዷ ስለነበረች አንድ ይዛ መጣችና በሯ ላይ ለጠፈችው። ቆንጆ ነው፤ የእሷን ልጅ ይመስላል አለች።

ሰንበት ብሎ አንድ ጠዋት ከአጥሩ በኩል ፏ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በመስኮት ሳይ ጎረቤቴ ባዶውን ፖፖ ይዛ ከቦዩ እየተመለሰች ነው።

እንዳለሁ በነጠላ ጫማዬ ወጣሁ። «ምነው? ወደ ሽንት ቤት ስትወስጂው ነበር እኮ!»

አላፈረችም። ይልቁንም የምሥራች የምትነግረኝ መሰለች። «ቀርቷል እኮ መምህር። ያኔ በተራ ወረቀት ያመጡት ላይ ነበረ፤ ትልቁ ላይ የለም። ኮሌጁ አጥንቶ አወጣው ማለት ነው። እኔም በልቤ የሕፃን ምን ያደርጋል ስል ነበር።»

ያን ሁሉ ሳደርግ፣ ያን ሁሉ ስከራከር፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ለእሷ የወጣው ሥዕል የተደበቀ ሥዕል አልነበረም፤ ውሸት ሆኖ የተሰረዘ ነበር። ኮሚቴው ዝም ማለቱ መስሎት፣ ለእሷ ግን ተናግሯል፤ ቦዩ ውስጥ ድፊው ብሏታል፣ ያውም በአርማ።

ቤቴ ገብቼ ረቂቁን አመጣሁና አሳየኋት። ይኼ ነው እውነቱ፣ ያስወጡት እንግዶች እንዳይጸየፉ ነው አልኳት። ወረቀቱን አየች፣ በሯ ላይ ያለውን አየች፣ መልሳ እኔን አየች። አዘነችልኝ።

«እርስዎ ያሉትማ ልክ ነው መምህር፣ ገብቶኛል። ግን የእርስዎ ወረቀት ማኅተም የለውም።»

ብከራከራት ገብቶኛል ከማለት ሌላ ምን ትለኛለች? ተመለስኩ። ያን ሳምንት ልጅቷ እንደገና ታመመች፤ ከዚያ በፊት ከነበረው ሁሉ የባሰ። ከቦዩ ይሁን ከሌላ ማንም ምሎ መናገር አይችልም፤ እኔም አልምልም። ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ፣ ስታለቅስ እንባ አይወጣትም፣ የሆዷ ቆዳ ሲቆነጥጡት ቶሎ አይመለስም። ተቅማጥ ሲይዝ የሚበጠበጠውን የፓኬት ዱቄት በንጹሕ ውሃ በጥብጬ በማንኪያ እያጎረስኳት፣ በአባቷ ባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወረድን። መንገዱን ሙሉ እናቷ ትጸልያለች፣ እኔ በሆዴ ያን ኬክ እረግማለሁ። ዕድሜ ለጤና ጣቢያው ሠራተኞች፣ ልጅቷ ተረፈች። የሚዋጥ ዚንክ ታዞላት ተመለስን።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴ ፖፖውን ይዛ ስትወጣ በር ላይ ጠበቅኋት። ንግግሬ አልቆ ነበር። ፖፖውን ከእጇ ወሰድኩት።

«ኧረ በጌታ! መምህር! ምን እያደረጉ ነው?»

ወደ ሽንት ቤቱ ይዤ ሄድኩ፣ ደፋሁ፣ አለቅልቄ ውሃውንም እዚያው ደፋሁ፣ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ከኋላዬ እየተከተለች ትለምነኛለች፤ ፊቷ በሐፍረት ደም ለብሷል። በዕድሜ እናቷ የምትሆን ሴት፣ ያውም መምህር፣ የእሷን ልጅ ፖፖ ስትደፋ ግቢው ሁሉ አየ። «ነገም እመጣለሁ» አልኳት። «ማኅተም እስኪገኝ ድረስ እኔ እወስደዋለሁ።»

በማግስቱ በር ላይ ስቆም ፖፖው ታጥቦ ጠብቆኛል። ቀድማኝ ተነሥታ ሽንት ቤት ደፍታዋለች። በተከታዩ ቀን ከዚያም ማልዳ ተነሣች። አምናኝ አልነበረም፤ ይሉኝታ ይዟት ነው። እኔም ማልጄ መነሣት ቀጠልኩ፤ እሷም ትቀድመኛለች፤ እንዲህ እየተሽቀዳደምን ልማድ ሆነ። ልጅቷ አንገቷ ሞላ። እናቷ ዛሬ ለምን እንደምትወስደው ብትጠይቋት ታዲያ ሌላ የት ይደፋል ብላ ትቆጣችኋለች። እንዲህ ዓይነት ትምህርት በየትኛውም ሞጁል የለም፤ ለሰፈሩ እናቶች ሁሉ እንዳላደርገው ደግሞ ያሉኝ ሁለት እጆች ብቻ ናቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ዲኑ በስብሰባው የጻፉትን አልረሱም። የባህርይ ለውጥ ያመጣች እናት አለች ተብሎ አንድ ጠዋት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ካሜራ ካነገተ ሰው ጋር ግቢያችን ደረሰ። ለሪፖርቱ ሽፋን ፎቶ ይፈልጋሉ፤ እናትዮዋ ከፖስተሩ አጠገብ ቆማ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው። ጎረቤቴ ያን ሰዓት ከሽንት ቤት እየተመለሰች ነበር፤ ፖፖውን እንደ ያዘች በሯ ላይ ደረሰችና ሁለቱን ሰዎች ፖስተሩን ሲያስተካክሉ አገኘቻቸው።

ኃላፊው አገጩን እያሻሸ አያት። የሚያብረቀርቀውን ሕፃን አየ፣ አርማዎቹን አየ፣ ከዚያ በእጇ የያዘችውን ፖፖ አየ። ያን ጊዜ ነገሩ በእርግጥ የታየው መሰለኝ፤ ተስፋ አደረግሁ።

«እህቴ፣ በጣም ጥሩ ነው፤ እዚያው ቁሚ» አላት። መሐረቡን ከኪሱ አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ። «ብቻ ያን ነገር ከካሜራው አርቂልን።»